ለጉዞ ወኪላችን ባለቤት፦ የተሰረዘው የገና ቲኬት ገንዘብ ዛሬ ማን እጅ ነው?

ለተከበሩ የጉዞ ወኪል ድርጅቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ፣ ባለፈው መስከረም ከቢሮዎ ወደ አዲስ አበባ የደርሶ መልስ ቲኬት ገዝተን፣ አየር መንገዱ በረራውን ከሰረዘ በኋላ ገንዘባችን እስከ ዛሬ ያልተመለሰልን የእድሩ አባላት ነን። ሰኔ ገብቷል። ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ ያቀረብነው በየግላችን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ አየር መንገዱ ከነገረን ጋር ስናስተያየው ግን ጨርሶ የማይገጥም ሆኖ ስላገኘነው ነው። የድርጅትዎንም ሆነ የአየር መንገዱን ስም አላነሣንም። የምንፈልገው ገንዘባችንን ነው እንጂ የማንንም ስም ማጉደፍ አይደለም። በተመሳሳይ ችግር ላይ ያሉ ወገኖቻችንም እንዲያነቡት እንፈልጋለን።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ በኩል የሚያልፈው በረራችን ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ለገና አሥር ቀን ሲቀረው የሚነሣ ነበር። አየር መንገዱ በኅዳር መጨረሻ መሰረዙን አስታወቀና በምትኩ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሚነሣ በረራ አቀረበ። ከእኛ መካከል ለገና ቤተሰብ ሊጠይቅ የተነሣ ነበር፣ ለሠርግ የተነሣ ነበር፣ የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ቀን የቆረጠም ነበር። ከጥምቀት በኋላ መድረስ ለማናችንም አይጠቅምምና ምትኩን አንቀበልም፣ ገንዘባችን ይመለስ አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቢሮዎ የምንሰማው «ታገሡ፤ አየር መንገዱ አልላከልንም» የሚል ብቻ ነው።

በዚህ አገር ሕግ ጥያቄያችን ልመና አይደለም። ከአሜሪካ የሚነሣን፣ ወደ አሜሪካ የሚገባንም ሆነ በአገር ውስጥ የሚደረግን በረራ አየር መንገዱ ራሱ ሲሰርዝና መንገደኛው ምትኩን ሳይቀበል ሲቀር፣ ቲኬቱ «የማይመለስ» ተብሎ የተሸጠ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ይመለሳል። አየር መንገዱ የአሜሪካ ይሁን የውጭ ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የትራንስፖርት ዲፓርትመንት ደንብ ጊዜውንም ቆርጦ አስቀምጧል፦ በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ 7 የሥራ ቀናት፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በቼክ ወይም በሌላ መንገድ ለተከፈለ 20 ቀናት። በካርዱ ወርኃዊ መግለጫ ላይ በሻጭነት የተጻፈው ስም የወኪሉ ከሆነ የሚመልሰው ወኪሉ ነው፤ አየር መንገዱ ተመላሹ እንደሚገባ እስካረጋገጠለት ድረስ «ገንዘቡ ገና አልደረሰኝም» ማለት ከግዴታው አያወጣውም። የተጻፈው ስም የአየር መንገዱ ከሆነ ደግሞ የሚመልሰው አየር መንገዱ ነው።

ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነም እናውቃለን። አነስተኛ የጉዞ ወኪል ብዙ ጊዜ ቲኬቱን ራሱ አይቆርጥም፤ ከጅምላ ቲኬት አከፋፋይ ይገዛል። አከፋፋዩ ከአየር መንገዱ ጋር ሒሳቡን የሚያወራርደው በየሳምንቱ በሚዘጋ የማወራረጃ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የአንድ መንገደኛ ገንዘብ ሲሄድ በሦስት እጅ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲመለስም በዚያው በሦስቱ እጅ ይመለሳል። በመካከሉ አንዱ ቢያዘገየው ሁሉም ይዘገያል። ይህን ማንም ቢያስረዳን በተረዳነው ነበር። ያልተረዳነው ገንዘቡ ከሦስቱ በየትኛው እጅ እንዳለ የሚነግረን ሰው መጥፋቱን ነው። «ታገሡ» የሚለው ቃል ገንዘቡ የት እንደደረሰና መቼ ወደዚያ እንደደረሰ ካልነገረን መልስ ሊሆንልን አይችልም።

ይህንን ለማወቅ ደግሞ መንገድ አለ። እያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ ቲኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። ይህ በፊደልና በቁጥር ተቀላቅሎ ከሚጻፈው ባለ ስድስት ምልክት የቦታ መያዣ ኮድ የተለየ ነው፤ ብዙዎቻችን በስልክ ስንጠይቅ የምንሰጠው ያንን ኮድ ነበር። በረራ ሲሰረዝ የቦታ መያዣው ከሥርዓቱ ሊጠፋ ይችላል፤ የቲኬቱ ቁጥር ግን ይቆያል። ለአየር መንገዱ ደውሎ የቲኬቱን ቁጥር የሰጠ መንገደኛ «ቲኬቴ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሠራተኛዋ ስክሪኗ ላይ የምታየውን አንድ ቃል ታነብለታለች። እኛም ከአባሎቻችን ጋር እየተቀመጥን ይህንኑ አደረግን። የሰማነው ከዚህ በታች ያለው ነው።

አንደኛው ጉዳይ የአንዲት የእድራችን እናት ነው። ቲኬቱን የገዙት በድርጅትዎ ስም በተጻፈ ቼክ ነው። ደረሰኙ በእጃችን አለ፦ ለቲኬት 1,400 ዶላር፣ ለአገልግሎት 80 ዶላር፣ በድምሩ 1,480። ከአገልግሎቱ ክፍያ አጠገብ «የማይመለስ» ተብሎ ተጽፏል፤ እናታችንም ፈርመውበታል። ቢሮዎ በጥርም በየካቲትም አየር መንገዱ ምንም እንዳልላከ ነገራቸው። በግንቦት ወደ አየር መንገዱ ተደውሎ የቲኬቱ ቁጥር ሲሰጥ የተነበበው ቃል REFUNDED የሚል ነበር። ይህ ማለት በአየር መንገዱ መዝገብ ተመላሹ ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። የተሠራበትን ቀን ስንጠይቅ የየካቲት ቀን ሰጡን። ገንዘቡ ከአየር መንገዱ ከወጣ አራት ወር ሊሞላው ነው። አሁን ያለው በጅምላ አከፋፋዩ ወይም በእርስዎ እጅ ነው፤ ሌላ ሦስተኛ ቦታ የለም።

በዚያው ጉዳይ ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል። እናታችን ገንዘቡ ሲመጣ 250 ዶላር «የስረዛ ቅጣት» ተቀንሶ እንደሚከፈላቸው በቢሮዎ ተነግሯቸዋል። በቲኬቱ ደንብ ላይ የተጻፈው ቅጣት መንገደኛው በገዛ ፈቃዱ ጉዞውን ሲሰርዝ የሚከፍለው ነው። እዚህ የሰረዘው አየር መንገዱ ነውና ቅጣት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ 1,400 ዶላር ሳይቀነስ ይመለሳል። 80ው ዶላር እንደማይመለስ አስቀድሞ በጽሑፍ ስለተነገራቸው አይጠይቁም። አየር መንገዱ ወይም አከፋፋዩ በእርግጥ ቅናሽ አድርገው ልከው ከሆነ የላኩበትን ወረቀት ያሳዩን፤ ከእነርሱ ጋር እኛው እንነጋገራለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉ ያስቆጨን ነው። ባልና ሚስት የሆኑ አባሎቻችን በክሬዲት ካርድ ከፍለዋል። የካርዳቸውን መግለጫ ስናየው ክፍያው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል። አንደኛው መስመር ላይ የአየር መንገዱ ስምና 2,800 ዶላር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ የድርጅትዎ ስምና 160 ዶላር ተጽፏል። ይህ ማለት የቲኬቱን ገንዘብ የተቀበለው አየር መንገዱ ራሱ ነው፤ ሲመለስም ቀጥታ ወደ ካርዳቸው ይገባል እንጂ በእርስዎ እጅ አያልፍም። ሆኖም ከቢሮዎ የተነገራቸው «ገንዘቡ እንደገባልን ደውለን እንሰጣችኋለን» የሚል ነበር። ሊገባላችሁ የማይችል ገንዘብ ሲጠብቁ ወራት አለፉ። በግንቦት የቲኬታቸው ሁኔታ ሲጠየቅ OPEN ተባለ። ቲኬቱ አልተበረረበትም፣ አልተለወጠም፣ ተመላሹም አልተሠራም። የመመለሻ ጥያቄ ቀርቦ እንደሆነ ስንጠይቅ በመዝገባቸው ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለ ነገሩን።

ያስቆጨን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ያልተሰጠውን አገልግሎት ክፍያ በካርዱ ባንክ በኩል የመቃወም መብት አለው። የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅደው አገልግሎቱ መሰጠት ከነበረበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን ነው። በረራው ታኅሣሥ 19 ነበርና 120ው ቀን በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ወር ሆኖ ሚያዝያ 19 ላይ አለቀ። እነዚህ ባልና ሚስት ባንካቸው ጋር ሊሄዱ ሲነሡ ቢሮዎ «ክስ ከከፈታችሁ ተመላሹ ይቆማል» ብሎ አስቀራቸው። በእርግጥ የካርድ ተቃውሞና የተመላሽ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲካሄዱ አንዱ ሌላውን ሊያስቆም ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሊቆም የሚችል የተጀመረ ተመላሽ አልነበረም። ጥያቄው አልቀረበም ነበር። በቅን ልቦና አምነዋችሁ ቀኑ አለፈባቸው።

ሦስተኛውን በአጭሩ እናንሣው። አንድ አባላችን ምትኩን በረራ አልቀበልም ብሎ በጽሑፍ አሳውቋል፤ የላከው መልእክት ቀኑን ይዞ በስልኩ ላይ አለ። ቲኬቱ ግን EXCHANGED ይላል። ከጥምቀት በኋላ ላለው በረራ ሳይጠየቅ ተለውጦለታል። አየር መንገዱ አሁን «ምትኩን ተቀብሎ ሳይሳፈር ቀርቷል» ብሎ ተመላሹን ከልክሎታል። ምትክ የተቀበለ ሰው ተመላሽ ስለማይገባው፣ ይህ ያለ ፈቃዱ የተደረገ አንድ ለውጥ መብቱን አሳጥቶታል። ለውጡን ያደረገው ከቢሮዎ ወይም ከአከፋፋዩ ወገን የሆነ ሰው ስለሆነ፣ ያለ መንገደኛው ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ለአየር መንገዱ መጻፍ የሚገባውም የእናንተ ወገን ነው።

አሁን ደግሞ አባሎቻችን ከዛሬ ጀምሮ እንዴት እንደሚጠይቁዎ እንንገርዎ። አስቀድመው ቢያውቁት ለሁላችንም ይቀላል፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወገኖችም ይጠቀሙበታል።

ቅዳሜ ቢሮዎ በሰው ሲሞላ መጥቶ በሠራተኛዎ ላይ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ አባል እንዳይኖር ተነጋግረናል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ገንዘቡን አልያዘችም፤ ብትሰደብም አታመጣውም። በስልክ መደወሉም ይቀራል፤ ካልቀረ ግን በዚያው ቀን የተባባሉት በጽሑፍ ይላካል፦ «ዛሬ ከእገሊት ጋር በስልክ ተነጋግረን ይህን ነግራኛለች፤ ካልሆነ ያርሙኝ» ተብሎ። በስልክ የተባለ ነገር ከወር በኋላ ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ተጽፎ ተልኮ ያልታረመ ግን ማስረጃ ይሆናል። እያንዳንዱ አባል የሚጽፈው በአንድ የኢሜይል ሰንሰለት ላይ ነው፤ አዲስ ኢሜይል በከፈተ ቁጥር አዲስ ሠራተኛ ነገሩን ከሀ ይጀምረዋልና። የመልእክቱም ይዘት «ገንዘቤ የት ደረሰ?» የሚል አይሆንም፤ ለዚህ ጥያቄ «በሂደት ላይ ነው» ማለት ይበቃልና። የተስማማንበት ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፦ ታኅሣሥ 19 በአየር መንገዱ የተሰረዘው የቲኬቴ ቁጥር (13ቱ አኃዝ) ይህ ነው። በዚህ ቀን በቼክ (ወይም በካርድ) ይህን ያህል ከፍያለሁ፤ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ምትኩን በረራ አልተቀበልሁም። እባክዎ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያሳውቁኝ፦ የመመለሻ ጥያቄዬ ለአየር መንገዱ የቀረበበትን ቀን፤ የቀረበው በቀጥታ ወይስ በአከፋፋይ በኩል እንደሆነ፤ አየር መንገዱ የሰጠውን መልስና ቀኑን። መልስዎን እስከዚህ ቀን እጠብቃለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቅሬታም ዛቻም የለም። ሦስቱም ጥያቄዎች ቀን ወይም ስም ብቻ የሚመልሳቸው ናቸው። መዝገብ ለያዘ ቢሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀኑን መመለስ ካልተቻለ ግን ጥያቄው አልቀረበም ብለን ለመያዝ እንገደዳለን።

በካርድ ከፍለው በመግለጫቸው ላይ የአየር መንገዱ ስም የተጻፈላቸው አባላት ደግሞ ከእርስዎ ጎን ለጎን ለአየር መንገዱም በቀጥታ ይጽፋሉ። አየር መንገዱ «ከወኪል ስለገዛችሁ ወደ ወኪላችሁ ሂዱ» ሊላቸው ይችላል፤ ለብዙዎችም ብሏል። መልሱ የመግለጫውን ገጽ አያይዞ «ገንዘቡን የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስማችሁም ይኸው» ማለት ነው። በቼክ ወይም በዜል የከፈሉት ይህ መንገድ የላቸውም። በባንክ በኩል የመቃወሚያ መንገድም እንደ ካርድ አይከፈትላቸውም። የእነርሱ ተስፋ በእርስዎ መልስ ላይ ነውና የእነርሱን ጉዳይ እንዲያስቀድሙ አጥብቀን እንለምናለን። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ካርድ የማይጠቀሙ፣ ቋንቋችሁ ቋንቋቸው ስለሆነ ብቻ እናንተን የመረጡ ናቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ በአሥር ቀናት ውስጥ፣ ፊርማችንን ካኖርነው አባላት ለእያንዳንዳችን የመመለሻ ጥያቄው መቼና በማን በኩል እንደቀረበ በጽሑፍ ያሳውቁን። ያልቀረበ ካለ አልቀረበም ብለው ይጻፉልን፤ ይህ ከመታገሥ ይሻለናል።

REFUNDED የሚል ምላሽ የተገኘባቸው ቲኬቶች ገንዘብ ካለምንም «ቅጣት» ተቀናሽ በቼክ ይከፈል። ከአከፋፋዩ አልደረሳችሁ ከሆነ የአከፋፋዩን ስምና የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ ስጡን።

OPEN የሚል ምላሽ የተገኘባቸው ቲኬቶች ጥያቄ በዚህ ሳምንት ይግባ። ቲኬት ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ነው። የእኛ የተቆረጡት በመስከረም ስለሆነ ክረምቱ ሲወጣ ዓመቱ ይሞላል፤ ዓመቱ ከሞላ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ከሥርዓቱ ወጥቶ በእጅ የሚታይ ልዩ ጥያቄ ይሆናል፤ ወራትም ይጨምራል። 120 ቀኑ ያለፈባቸው ባልና ሚስት ለባንካቸው የሚያቀርቡት ደብዳቤ እንዲረዳቸው፣ እንዲጠብቁ የነገራችኋቸው እናንተ መሆናችሁን በጽሑፍ አረጋግጡላቸው።

EXCHANGED ለሆነበት አባላችን፣ ለውጡ ያለ ፈቃዱ የተደረገ መሆኑን ለአየር መንገዱ ጻፉለት፤ ቅጂውንም ስጡት።

ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ የሚያነጋግረን አንድ ሠራተኛ በስም ይመደብልን።

በአሥሩ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘን የሚቀጥለውን እርምጃ ከአሁኑ እናሳውቅዎ፤ ድንገተኛ እንዳይሆንብዎ። እያንዳንዱ አባል ለትራንስፖርት ዲፓርትመንት በ transportation.gov/airconsumer አቤቱታውን ያስገባል። አየር መንገዱን በሚመለከት የጽሑፍ ቅሬታ የደረሰው አየር መንገድ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን፣ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ዝርዝር መልስ መስጠት አለበትና የእናንተ ጥያቄ መቼ እንደቀረበ ያን ጊዜ በእነርሱ በኩል ይታወቃል። ድርጅትዎን ለሚመለከተው ክፍል የሜሪላንድ የሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አለ። በቼክ የከፈሉት አባላት የሚጠይቁት ገንዘብ ለየብቻው ከ5,000 ዶላር በታች ስለሆነ ያለ ጠበቃ ወደ አነስተኛ ክሶች ችሎት መሄድ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አንፈልግም። ገንዘቡ ከተመለሰ ሁሉም ይቀራል።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ፣ በጉዳዩ ፊርማቸውን ባኖሩት አባላት ስም